5 ቮልት ስጠብቅ መልቲሜትሩ 4.72፣ ኦሲሎስኮፑ 3.3 አሉኝ። ማንን ልመን?

ሁለተኛ_ዓመት

ሰላም ለሁላችሁ። ኤሌክትሪካል ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ትናንት የመጀመሪያ ላባችንን ሠራን። ሥራው ቀላል ነበር። ሁለት ባለ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ብሬድቦርድ ላይ በተከታታይ ሰክተን፣ 10 ቮልት ሰጥተን፣ መሃላቸው ላይ ያለውን ቮልቴጅ መለካት ነው። እኩል ስለሆኑ ግማሹ፣ 5 ቮልት፣ መውጣት አለበት።

መልቲሜትሩ 4.72 አለ። ኦሲሎስኮፑ ደግሞ መጀመሪያ 33 ቮልት አለ። ከ10 ቮልት 33! ግሩፓችን በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ለካ ፕሮቡ ላይ ያለችው ትንሽ ማንሸራተቻ 1X ላይ ናት፣ ስክሪኑ ላይ ግን ቻነሉ 10X ተብሎ ተሞልቷል፣ ስለዚህ ንባቡን በአሥር ያባዛዋል። ቻነሉን ወደ 1X ስናስተካክል 3.3 ሆነ። ከዚያ በኋላ የፈለግነውን ብንነካካ አልተንቀሳቀሰም።

የላብ ረዳቱን ጠራነው። አየት አደረገና «ሎዲንግ ነው» ብሎ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ አለፈ። ሪፖርቱ ሰኞ ይገባል። ጓደኛዬ «5 ብለህ ጻፍና ተገላገል» ይለኛል። እኔ ግን ሁለት መሣሪያ አንድ ቦታ ነክቶ ሁለት ነገር ሲናገር እንዴት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የካ_ልጅ

ወንድሜ ይሄ አያስጨንቅም። ሬዚስተሮችህ ጫፋቸው ላይ ወርቃማ ቀለበት አላቸው? እንግዲያው ባለ 5 ፐርሰንት ናቸው። አንዱ በ5 ፐርሰንት ከፍ፣ ሌላው በ5 ፐርሰንት ዝቅ ካለ ውጤትህ ከ4.75 እስከ 5.25 የትም ሊያርፍ ይችላል። በዚያ ላይ የመልቲሜትሩን ስህተት ደምርበት። 4.72 ተገኘ፣ አለቀ። ኦሲሎስኮፑ ደግሞ ያረጀ ይሆናል፣ የኛ ላብም እንደዚያው ነበር።

ሁለተኛ_ዓመት

አዎ ወርቃማ ነው። ግን 3.3ን በእርጅና ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። በአጠገባችን የነበረው ግሩፕም በሌላ ኦሲሎስኮፕ 3.3 ነው ያገኘው።

ጋሽ_ሽቦ

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ረዳቱም አልዋሸህም፣ ሳያስረዳህ ሄደ እንጂ።

መሣሪያው ከሩቅ ቆሞ የሚያይ አይደለም። ሽቦውን ስታስነካው የሰርኪቱ አንድ አካል ይሆናል። መልቲሜትርህ በውስጡ 10 ሜጋ ኦም ያህል አለው። ታችኛው ሬዚስተር ላይ ስታስቀምጠው ከ1 ሜጋ ኦም ጎን ለጎን ሌላ 10 ሜጋ ኦም አሰርክበት ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ 0.91 ሜጋ ኦም ይሆናሉ። ስለዚህ ላይኛው 1፣ ታችኛው 0.91 ሆኖ 10 ቮልቱን ይካፈላሉ፤ ታች የሚቀረው 4.76 ነው። ፕሮቡ 1X ላይ ሲሆን ኦሲሎስኮፑ 1 ሜጋ ኦም ብቻ ነው። ታችኛውን ወደ ግማሽ ሜጋ ኦም ያወርደዋል። ከ10 ቮልት አንድ ሦስተኛው 3.33 ነው። ያገኘኸው እሱን ነው።

እኛ ስንማር ባለ ቀስት መልቲሜትር ነበር፣ ሲምፕሰን 260። በእያንዳንዱ ቮልት 20 ሺህ ኦም ነበረው። በ10 ቮልት መደብ ላይ 200 ሺህ ኦም ሆኖ ያንተን ሰርኪት ቢነካ 1.4 ቮልት ይልሃል። መደቡን ወደ 50 ብትቀይረው 1 ሜጋ ኦም ይሆንና 3.3 ይልሃል። መደብ ስንቀይር ንባቡ ከተቀየረ መሣሪያው ሰርኪቱን እየጎተተው እንደሆነ ወዲያው ይገባን ነበር። አሁን ያለው አብዛኛው ዲጂታል በየትኛውም መደብ ያው 10 ሜጋ ኦም ያህል ስለሆነ ይህን ምልክት አይሰጥህም። ዝም ብሎ ይጎትታል።

ከመርካቶ የምትገዛዋ ትንሿ ቢጫ ዲቲ 830 ደግሞ 1 ሜጋ ኦም ብቻ ናት። እሷን ብትጠቀም ኖሮ ሁለቱም 3.3 ብለውህ «ተስማሙ» ብለህ ትደሰት ነበር።

የካ_ልጅ

ጋሼ፣ ሎዲንጉን አልካድኩም። ግን 5 ፐርሰንቱስ? 4.72 ከሬዚስተሩ ነው ወይስ ከመልቲሜትሩ በምን ይለያል? ሁለቱም እኩል ሊያደርሱት ይችላሉ።

ጋሽ_ሽቦ

እውነትህን ነው፤ ከአንድ ንባብ አይለይም። ከሁለት ግን ይለያል። ታችኛውን የለካህበትን መልቲሜትር አንሥተህ ላይኛው ሬዚስተር ላይ አድርገው። ሁለቱን ደምር። ጥፋቱ የሬዚስተሮቹ ብቻ ከሆነ አንዱ ያጣውን ሌላው ያገኘዋል፣ ድምሩ 10 ይመጣል። መሣሪያው እየጎተተ ከሆነ ግን ሁለቱም ያንሳሉ፣ ድምሩም 10 አይሞላም። ፓወር ሳፕላዩንም ለብቻው ለካው፣ ስክሪኑ ያለህን አትመን።

ሪፔር_ሻርጃ

እኔ ሻርጃ ነው ያለሁት፣ ቲቪና ቻርጀር እጠግናለሁ። ኦሲሎስኮፕ የሚባል ነገር አያምታታችሁ። ባለፈው ዓመት የአንድ ቲቪ ፓወር ቦርድ ላይ፣ ከ300 ቮልት በላይ ባለበት ወገን፣ የፕሮቡን አዞ ክሊፕ አስያዝኩ። ቡም አለ። ብሬከሩ ወረደ፣ የክሊፑ ጥርስ ቀለጠ። ከዚያ ወዲህ የኦሲሎስኮፑን ሶኬት ሦስተኛ እግር ቆርጬዋለሁ። አንተም ቁረጠው፣ ንባብህ ይስተካከላል።

ካሊብሬሽን_ክፍል

ወንድሜ፣ እባክህ ነገ ጠዋት ሶኬቱን መልስ። ክሊፑ ከኦሲሎስኮፑ አካል ጋር፣ አካሉም በሦስተኛው እግር ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። እግሩን ስትቆርጥ ችግሩ አልጠፋም። ከ300 ቮልት በላይ ያለው በእጅህ በምትነካው የኦሲሎስኮፕ አካልና ቁልፎች ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። የሚነጠለው የሚጠገነው ቲቪ ነው፤ ቲቪውን በመነጠያ ትራንስፎርመር በኩል አብራው። ኦሲሎስኮፑን ተወው።

የልጁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የሱ ክሊፕ ከፓወር ሳፕላዩ ኔጌቲቭ ጋር ነው፣ ምንም አላቃጠለም።

ሪፔር_ሻርጃ

ትራንስፎርመሩ ውድ ነው እህቴ። አስብበታለሁ።

ሁለተኛ_ዓመት

ዛሬ ላብ ክፍት ስለነበር ገብቼ ለካሁ። ፓወር ሳፕላዩ 10.02። ታችኛው 4.72፣ ላይኛው 4.81። ድምሩ 9.53። ጋሼ እንዳሉት ወደ ግማሽ ቮልት የሚጠጋ ጠፍቷል!

ከዚያ ኦሲሎስኮፑን እንደዚያው ልሞክር አልኩ። ክሊፑን መሃል ላይ ላስይዝ ስል የቡሙ ታሪክ ትዝ አለኝና ፈራሁ። ስለዚህ ሁለት ፕሮብ ወሰድኩ። CH1 ከላይ፣ CH2 መሃል ላይ፣ ክሊፖቹ ሁለቱም ታች። በ`Math` CH1 − CH2 አደረግኩ። ላይኛው 6.7፣ ታችኛው 3.3 ወጣ። ድምሩ ልክ 10 ነው። ታዲያ ኦሲሎስኮፑ አይጎትትም ማለት ነው? ግራ ገባኝ።

የካ_ልጅ

አየህ! ድምሩ 10 ከሆነ ላይኛው ሬዚስተር እጥፍ ነው። ቀለሙን አይተኸዋል?

ካሊብሬሽን_ክፍል

አይደለም። ክሊፑን መፍራትህ ልክ ነበር፤ የፓወር ሳፕላይህ ኔጌቲቭ ከመሬት ጋር ተያይዞ ቢሆን ክሊፑ ታችኛውን ሬዚስተር ሾርት ያደርገው ነበር። ግን በሁለት ፕሮብ ያደረግከው ፈተና አይደለም። CH1 ላይኛውን ጫፍ ነው የነካው፣ ያ ደግሞ ፓወር ሳፕላዩ ራሱ ነው። 10.02 ከሆነ 10.02 ነው፣ ፕሮብ አይጎትተውም። CH2 መሃሉን እየጎተተ ነበር። ከ10 ላይ 3.3 ቀንሰህ 6.7 አገኘህ፣ ከዚያ 3.3ን መልሰህ ደመርክ። የትኛውም ቁጥር ቢገባ 10 ይወጣል።

መፍትሔው እንደዚህ ነው። አንድ ፕሮብ ብቻ ተጠቀም፣ ክሊፑም ታች ይቆይ። መጀመሪያ መሃሉን ለካ። ከዚያ ሁለቱን ሬዚስተሮች ነቅለህ ቦታ አቀያይር። ላይኛው ታች፣ ታችኛው ላይ። አሁንም መሃሉን ለካ። ሁለቱ ንባቦች ይደመሩ።

ሁለተኛ_ዓመት

3.31 እና 3.37። ድምሩ 6.68! ስክሪኑ ላይ ያለውን አማካይ ነው ያነበብኩት።

ጋሽ_ሽቦ

ጎበዝ። አሁን ቁጥሮቹን እንፍታቸው፣ ብዙ ያወራሉ።

ሁለቱን ንባቦች በአንድ መሣሪያ እስከለካህ ድረስ ጉተታው ለሁለቱም እኩል ነው። ስለዚህ የንባቦቹ ጥምርታ የሬዚስተሮቹ ትክክለኛ ጥምርታ ነው። 4.81 ለ4.72 አካፍል፣ 1.019። ላይኛው ከታችኛው 2 ፐርሰንት ያህል ይበልጣል። በኦሲሎስኮፑም 3.37 ለ3.31፣ 1.018። አንዱ 3.3 አለ፣ ሌላው 4.7፣ ግን ስለ ሬዚስተሮቹ አንድ ቃል ነው የተናገሩት።

እንግዲህ መሣሪያ ሳይነካው መሃሉ ስንት ነበር? 10.02ን በዚያው ጥምርታ አካፍለው።

```
V = 10.02 × 4.72 / 9.53 = 4.96
```

ከ5.01 ወደ 4.96 ያወረደው ሬዚስተሩ ነው። የካው ልጅ ግማሽ መንገድ ትክክል ነበር፣ የሱ ድርሻ 5 መቶኛ ቮልት ነው። ከ4.96 ወደ 4.72 ያወረደው ደግሞ መልቲሜትሩ ነው፣ 24 መቶኛ ቮልት።

የመሣሪያውንም ውስጥ ታገኘዋለህ። 10.02 ለ6.68 አካፍል፣ 1.5። ከ1 በላይ የተረፈው 0.5 ነው። የሁለቱ ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ድምር 0.5 ሜጋ ኦም ስለሆነ፣ 0.5 ለ0.5፣ ኦሲሎስኮፑ 1 ሜጋ ኦም ነው። መልቲሜትሩንም እንደዚያው ብታሰላው ወደ 10 የሚጠጋ ይወጣልሃል።

የካ_ልጅ

ግማሽ መንገድም መንገድ ነው፣ ተቀብያለሁ። ሪፖርቱ ላይ ታዲያ 4.96 ይጻፍ?

ጋሽ_ሽቦ

4.96 ይጻፍ። የሰርኪቱ እውነት እሱ ነው።

ካሊብሬሽን_ክፍል

እኔ አልስማማም። ያነበበው 4.72 ነው፣ ሠንጠረዡ ውስጥ የሚገባው ያነበበው ነው። ጎኑ ላይ የመሣሪያው ሞዴል፣ መደቡ፣ 10 ሜጋ ኦም መሆኑ ይጻፍ። መመሪያው ስህተቱ 0.5 ፐርሰንትና 2 አሃዝ ነው ካለ፣ በ20 ቮልት መደብ ላይ 4.72 ሲደመርና ሲቀነስ 0.04 ገደማ ነው። 4.96 ከታች በስሌት ይምጣ። የታረመ ቁጥር ብቻ ጽፎ የመጣ ወረቀት በኔ እጅ አያልፍም። ስሌቱ ተሳስቶ ቢሆን መመለሻ የለውም።

ጋሽ_ሽቦ

ተማሪ ነው እንጂ ሰርተፍኬት አይሰጥ።

ማህሌት_ኢኢ

ይቅርታ ውይይቱን ልጥለፈው። የኔም ተመሳሳይ ይመስለኛል ግን ዲሲ አይደለም። 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 100 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተር ይዤ ሎው ፓስ ፊልተር ሠራሁ። ስሌቱ መቁረጫው 15.9 ኪሎ ኸርዝ ይላል። እኔ በኦሲሎስኮፕ ያገኘሁት 8.3 ኪሎ ኸርዝ ነው። ግማሽ ማለት ነው! ካፓሲተሩን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ።

የካ_ልጅ

እህቴ ይሄ የባንድዊድዝ ጉዳይ ነው። ኦሲሎስኮፕሽ ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ አይችለውም፣ ስለዚህ ቀድሞ ዝቅ አድርጎ ያሳይሻል። የተሻለ ኦሲሎስኮፕ ፈልጊ።

ካሊብሬሽን_ክፍል

የላቡ ኦሲሎስኮፕ 20 ሜጋ ኸርዝ እንኳ ቢሆን 8 ኪሎ ኸርዝ ለሱ የቆመ ያህል ነው። ማህሌት፣ ፕሮብሽ 1X ላይ ነበር?

ማህሌት_ኢኢ

አዎ። ሲግናሉ ትንሽ ስለነበር 1X ይሻላል ተብዬ ነው።

ካሊብሬሽን_ክፍል

ካፓሲተርሽን ሦስት ጊዜ ቀየርሽ፣ አራተኛውን ግን አልቀየርሽውም። እሱ ፕሮቡ ውስጥ ነው። 1X ላይ የገመዱና የኦሲሎስኮፑ ካፓሲታንስ ተደምሮ 100 ፒኮ ፋራድ አካባቢ ነው። አንዳንዱ ያንሳል፣ አንዳንዱ ይበልጣል። ካንቺ 100 ጎን ለጎን ተቀመጠና ወደ 210 አደረሰው። 1 ሜጋ ኦሙም ትንሽ ስለሚነካው 8.3 ይወጣል። የሠራሽው ፊልተር 15.9 ነው፣ የለካሽው ግን ፊልተሩን ከነፕሮቡ ነው።

ወደ 10X ቀይሪው። ያኔ ፕሮቡ 15 ፒኮ ፋራድ ያህል ብቻ ይሆናል። ቻነሉንም ስክሪኑ ላይ 10X ማድረግ እንዳትረሺ። ከመለካትሽ በፊት ደግሞ ጫፉን ኦሲሎስኮፑ ፊት ላይ ካለችው የካሬ ሞገድ መውጫ ጋር አገናኚና ፕሮቡ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በፕላስቲክ ስክሩድራይቨር አዙሪ። የካሬው ጣሪያ ጠፍጣፋ እስኪሆን ነው። ጥጉ ከሾለ በዝቷል፣ ከከበበ አንሷል። እሱን ካላደረግሽ ዲሲው ልክ ሆኖ ኪሎ ኸርዙ ይዋሻል።

የካ_ልጅ

ካፓሲታንስ መሆኑንና ባንድዊድዝ አለመሆኑን እሷ በምን ታውቅ ነበር? ሁለቱም ከፍ ሲል ይቀንሳሉ።

ካሊብሬሽን_ክፍል

ሁለተኛ ፕሮብ አምጥታ እዚያው ነጥብ ላይ ታስቀምጥ። የመጀመሪያው ፕሮብ የሚያሳየው ሥዕል ከወረደ ሎዲንግ ነው፣ ምክንያቱም ሰርኪቱ ራሱ ተቀይሯል። ባንድዊድዝ ከሆነ ሰርኪቱ ደህና ነው፣ የሚበላሸው ሥዕሉ ብቻ ነው። ሁለተኛ ፕሮብ ቢመጣም የመጀመሪያው ሥዕል አይነቃነቅም።

ማህሌት_ኢኢ

ሞከርኩት። ሁለተኛውን 1X ፕሮብ ሳስነካ የመጀመሪያው ዓይኔ እያየ ወረደ። በ10X ደግሞ 14 ኪሎ ኸርዝ አገኘሁ። ከ15.9 አሁንም ይጎድላል።

ጋሽ_ሽቦ

15 ፒኮ ፋራዱ አለ እኮ። 100 የነበረው 115 ሲሆን ወደ 14 ይወርዳል። በዚያ ላይ የብሬድቦርዱ ረድፎች እርስ በርስ ጥቂት ፒኮ ፋራድ አላቸው፣ ካፓሲተርሽም ራሱ ልክ 100 መሆኑን ማንም አላረጋገጠም። እኔ ብሆን በሚቀጥለው ጊዜ 10 ኪሎ ኦምና 1 ናኖ ፋራድ እጠቀማለሁ። መቁረጫው ያው 15.9 ነው፣ ፕሮቡ ግን አይታወቀውም።

ሁለተኛ_ዓመት

እኔስ? 10X ላይ ስለካ ከመልቲሜትሩ ጋር ተስማማ፣ 4.7 አለ። ሁለቱም 10 ሜጋ ኦም ስለሆኑ አብረው ይሳሳታሉ ማለት ነው አይደል?

ካሊብሬሽን_ክፍል

አዎ።

የካ_ልጅ

እንግዲያው የኔን ልጠይቅ። የማይክሮኮንትሮለር እግር ላይ ስኩዌር ዌቭ እያወጣሁ ነው። ሞገዱ ከታች ወደ ላይ የሚነሣበት ጊዜ 60 ናኖሰከንድ ይመጣል። ኦሲሎስኮፑ የ100 ሜጋ ኸርዝ ነው። የትኛውንም እግር ብጠቀም 60፣ ሌላ ቦርድ ባመጣም 60። ይሄም ሎዲንግ ነው?

ካሊብሬሽን_ክፍል

የትም ብትለካ አንድ ቁጥር ከመጣ፣ የለካኸው መሣሪያህን ነው። ይሄኛው ባንድዊድዝ ነው። ስሙን ቀድመህ ጠርተኸው ነበር፣ ቦታው ሌላ ሆነ እንጂ። የዚያ እግር ውስጣዊ ሬዚስታንስ ጥቂት አሥር ኦም ስለሆነ 100 ፒኮ ፋራድ ብዙም አያዘገየውም። ግን የ1X እና 10X ማንሸራተቻ ያለው ፕሮብ 1X ላይ ሲሆን ባንድዊድዙ 6 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ነው። ኦሲሎስኮፑ 100 ቢሆንም ሰንሰለቱ በደካማው ቀለበት ይወሰናል።

```
0.35 / 6 MHz ≈ 58 ns
```

ያንተ 60 ይኸው። 10X አድርገው። `BW Limit` የሚለውም ክፍት ከሆነ አጥፋው፣ እሱ 20 ሜጋ ኸርዝ ላይ ይቆርጥብሃል፣ 17 ናኖሰከንድ ገደማ ላይ ያስቀርሃል።

የካ_ልጅ

10X፣ `BW Limit` ጠፍቷል። 7 ናኖሰከንድ ወረደ! ግን አሁን ከላይ ከወጣ በኋላ እንደ ጅራፍ ይርገበገባል፣ አራት አምስት ጊዜ። በ1X ይሄ አልነበረም። ቦርዱ ነው ወይስ ፕሮቡ?

ጋሽ_ሽቦ

የክሊፑ ሽቦ ስንት ነው?

የካ_ልጅ

አንድ ስንዝር ይሆናል።

ጋሽ_ሽቦ

የስንዝር ሽቦና የጫፉ 15 ፒኮ ፋራድ አብረው ይደውላሉ። ድሮም ነበር፣ 6 ሜጋ ኸርዙ ሸፍኖልህ ነው። ሽቦውን ንቀለው። የፕሮቡን ቆብ አውልቅና ጫፉ ላይ በምትጠመጠመው ትንሽ ስፕሪንግ በቅርቡ ያለ ግራውንድ ንካ። መርገብገቡ ከቀነሰ ከሽቦው ነበር። እንደነበረ ከቀጠለ ቦርድህን እንጠይቃለን።

የካ_ልጅ

ስፕሪንጓ ከፕሮቡ ጋር በምትመጣ ላስቲክ ውስጥ ነበረች አይደል? ላስቲኩ አለ። እሷ የለችም።

ሪፔር_ሻርጃ

ከሬዚስተር እግር ቆርጠህ ጠምዝዛት። ሁለት ዙር ይበቃል። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ካሊብሬሽን_ክፍል

ይሄኛው ምክር ትክክል ነው። ሶኬቱን መለስከው?